ሹፌር፣ ሙዚቃውን ቀይረው!

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የታክሲ ሹፌር አለ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ልጁም አዋቂውም «ጋሼ» ይለዋል፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እለዋለሁ። ከጀሞ ሜክሲኮ የሚሠራ ሰማያዊ በነጭ ሚኒባስ ይነዳል። ማታ መኪናውን የሚያቆመው ከብሎካችን ሥር ስለሆነ፣ ጠዋት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ጋቢና ይይዝልኛል። ይህን ታሪክ የምጽፈው እንግዲህ ከፊት ወንበር ሆኜ ነው። የት ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ የነገርኳችሁ ደግሞ በምክንያት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሰውዬው ሙዚቃ ይከፍታል። ተሳፋሪ «ቀይረው» ይለዋል። ሲቀይር ሌላው «ምነው፣ ደህናውን ዘፈን?» ይላል። ሲዘጋው ደግሞ «ለቅሶ ቤት አደረግከው እኮ» የሚል አይጠፋም። እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

ታክሲው ሞልቶ ከጀሞ ወጣን። ጋሼ የከፈተው አንድ የቆየ ትዝታ ነው። ዘፈኑ ድሮ የተዘፈነ ሆኖ፣ አሁን አንዱ ልጅ ከበሮና ቤዝ ጨምሮ እንደ አዲስ የሠራው። ጋቢና ላለሁት ለእኔ ግጥሙ ቃል በቃል ይሰማል። ማሲንቆውም ከሥር ከሥር ያለቅሳል። ደስ ይላል።

ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ተዘጋጋና ቆምን። ወዲያው ከመጨረሻው ወንበር አንድ አባት ጮክ ብለው «ልጄ!» አሉ። «ይሄን ጩኸት ቀይርልን እስኪ። እንደው ደህና ትዝታ የሚባል የለህም?»

እኔ ሳቄ መጣ። ጋሼ ግን አልሳቀም። «እሺ አባቴ፣ አሁን» አለና እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ። ዘፈኑን አልነካውም። አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ቤዙን ቀነሰ፣ ሌላዋን ተጭኖ ድምፁን ከኋላ ወደ ፊት አመጣው። አለቀ። ዘፈኑ ካቆመበት ሳይሆን ከሚሄድበት ቀጠለ።

ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። «እግዜር ይስጥህ። የድሮ ዘፈን መቼም…»

ያን ቀን ሜክሲኮ ስንደርስ ምን እንዳደረገ ጠየቅሁት። ጋሼ ስለ መኪናው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ተራ እስኪደርሰው ድረስ ሁሉንም አስረዳኝ።

መኪናው ውስጥ አምስት ስፒከር አለ። ሁለቱ የፊት በሮች ላይ ናቸው፣ ሁለቱ ከኋላ ከፍ ብለው ተሰቅለዋል። አምስተኛው ትልቁ የቤዝ ሳጥን ነው። ሌላ ቦታ ስለሌለው የገባው ከመጨረሻው ወንበር ሥር ነው። ያ ወንበር አራት ሰው ይይዛል። አራቱም ቤዙ ላይ ነው የሚቀመጡት። ወፍራም ድምፅ በወንበርና በወለል በኩል ያልፋል። ቀጭኑ ድምፅ፣ ማለትም ግጥሙና ማሲንቆው፣ በልብስና በሰው ገላ ይዋጣል። ታክሲው ሲሞላ ደግሞ ከፊት የሚወጣው ቃል ኋላ ሳይደርስ መሃል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሽማግሌው የሰሙት ትዝታ አልነበረም። ድም ድም ብቻ ነው።

ለምን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል ታዲያ? ምክንያቱም እኛ ጋቢና ያለነው ሞተር ላይ ነን። የዚህ ዓይነት ሚኒባስ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ነው። ናፍጣው ሲንደቀደቅ ለሹፌሩ ሙዚቃው እንዲሰማው ድምፁን ከሞተሩ በላይ ማድረግ አለበት። መኪናው ሲሮጥ ሁሉም ይመጣጠናል፤ ሞተሩ፣ ጎማው፣ ንፋሱ፣ ሙዚቃው። መኪናው ቀጥ ሲል ግን የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ ንፋሱ ይጠፋል፣ ሙዚቃው ብቻውን ይቀራል። ማንም ሳይነካው የጮኸ ይመስላል።

«ልብ ብለህ እይ» አለኝ ጋሼ። «ቀይረው የሚባለው መኪና ሲቆም ነው።»

ከዚያ በኋላ ልብ አልኩ። እውነቱን ነው። መብራት ላይ፣ መንገድ ሲዘጋጋ፣ ትራፊክ ሲያስቆመን። እያሽከረከረ እያለ ስለ ሙዚቃው የሚናገር ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እሱም ያውቃል፤ መብራቱ ቀይ ሊሆን ሲል አንድ እግሩ ፍሬን ላይ፣ አንድ ጣቱ ድምፅ መቀነሻው ላይ ነው። ይህቺን ያልለመደ ሹፌር ቀኑን ሙሉ ዘፈን ሲያገላብጥ ይውላል። ዘፈኑ ምንም አላደረገ።

የታክሲ ሰው እንግዲህ «ቀይረው» ሲል ብዙ ነገር ማለቱ ነው። ቀንሰው ማለቱ ሊሆን ይችላል። ስልክ እያወራሁ ነው ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ በሙዚቃው ሳይሆን በመንገዱ ተናዶ፣ መንገዱን ማን ይቀይርለታል፣ ቴፑ ላይ ይወጣዋል። ጋሼ የሚሰማው ቃሉን አይደለም። ከየትኛው ወንበር እንደመጣ ነው። ከመጨረሻው ወንበር ከመጣ ቤዙን ይቀንሳል። ከመሃል ከመጣ የኋላዎቹን ስፒከሮች ያወርዳል። ከጋቢና ከመጣ ብቻ በእርግጥ ዘፈኑ ነው የተጠላው፣ ምክንያቱም ጋቢና ያለ ሰው ግጥሙን ይሰማል።

ከኋላ መጥቶም ዘፈኑ ራሱ የሚጠላበት ጊዜ ግን አለ። ያው ረቡዕ፣ ሽማግሌው ገና ሳይወርዱ፣ አንዲት ሴትዮ «ሹፌር፣ ዛሬ እኮ ጾም ነው። መዝሙር የለህም?» አሉ። ከጎናቸው ያለው ጎልማሳ «መዝሙር ጥሩ ነው፣ ግን የማንን?» አለ። ሁሉም ዝም አለ። ይህቺን ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚሳፈር ሁሉ ያውቃታል። የኦርቶዶክስ ሲከፈት ፕሮቴስታንቱ መስኮት መስኮት ያያል። የፕሮቴስታንት ሲከፈት ሌላው ያጉረመርማል። መንዙማ ሲከፈትም እንደዚያው። ጋሼ ራሱ ጿሚ ነው፣ በሁዳዴ ዘፈን አይከፍትም፣ በገና ነው የሚያሰማው። በተራ ረቡዕና ዓርብ ግን ዘዴ አለው። ሬዲዮ ይከፍታል።

ሬዲዮ የሚከፍተው ሬዲዮ ወድዶ አይደለም። ይህንን የተማረው በ2013 ነው። ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን አንድ የትግርኛ ዘፈን ፍላሹ ላይ ተራውን ጠብቆ መጣ። ከዓመታት በፊት የተዘፈነ የሠርግ ዘፈን ነው። አንዱ «ቀይረው» አለ። ሌላው «ለምን ይቀየራል?» አለ። ሁለቱም ወደ ጋሼ ዞሩ፣ እሱ መልስ እንዲሰጥ። ፍላሹ የሱ ነዋ። መኪናውን አቁሞ እስኪያበርዳቸው ድረስ ብዙ ቆየ። ሬዲዮ ቢሆን ኖሮ ግን ዘፈኑን የመረጠው ሰው እዚያ መኪና ውስጥ የለም። የሚጣሉት ሰው አያገኙም። ስለዚህ ነገር ሊያመጣ የሚችል ቀን ሲመስለው ፍላሹን ይነቅልና ጣቢያ ይፈልጋል። ኳስ ካለ ደግሞ ተገላገለ፤ ኳስ ላይ ቀይረው የሚል ጀግና እስካሁን አላየሁም።

ሳይጠየቅ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ስትገባ። በመስታወት ጥለቱን ያየዋል፣ ወደ ላይ አንገቷ ላይ ከሆነ ለቅሶ ላይ ናት። ሙዚቃው ያኔውኑ ይጠፋል። ወጣት ተሳፋሪ አንዳንዴ «ጋሼ ምነው?» ይላል። ረዳቱ በዓይኑ ያሳየዋል፣ ነገሩ ያልቃል።

ወጣቶቹን ካነሳሁ አይቀር፣ በብሉቱዝ ሙዚቃ ማጫወት እዚህ መኪና ውስጥ ክልክል ነው። መጀመሪያ ይፈቅድ ነበር። አንድ ማታ ሁለት ልጆች «ጋሼ፣ የኛን እንክፈትልህ» አሉና ስልካቸውን አገናኙ። ጥሩ ዘፈን ነበር፣ እሱም ወዶታል። መካኒሳ ላይ ግን የልጁ ስልክ ጠራ። ሳያስበው አነሳው። በአምስቱም ስፒከር፣ ቤዙንም ጨምሮ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ «አንተ! ብሬን መቼ ነው የምትመልሰው?» አለ። ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ሳይደርስ ወረደ። ጓደኛው ሂሳብ ከፍሎ ተከተለው።

ጋሼ የሚለው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከፍላሽ ጋር ነው። እሱ ረዳት ሆኖ ታክሲ ላይ የጀመረው በካሴት ዘመን ነው። ያኔ ታክሲ ውስጥ ሙዚቃ ማስቀየር እንዲህ ቀላል አልነበረም። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። አንድ ጉዞ ማለት ነው። ተሳፋሪ የሚለው «ቀይረው» ሳይሆን «ገልብጠው» ነበር። የምትወደው ዘፈን ሦስተኛ ከሆነ ሁለቱን ትታገሣለህ። ወደፊት ላሽከርክር ካልክ ካሴቱ በቴፑ ይበላል። ተበልቶ ከወጣ ደግሞ እስክሪብቶ ከተህ መጠቅለል ነው። ስለዚህ ሰው የማይወደውንም ዘፈን ሰምቶ ይወርድ ነበር። ሳይወድ በግድ የለመደውን ዘፈን በኋላ ሱቅ ሄዶ ይገዛዋል። አዲስ ካሴት ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ሲወጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ታክሲ ላይ ነበር። አከፋፋዮቹም ይህንን ያውቁ ነበር ይላል።

አሁን አንድ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ ዘፈን ይይዛል። ተሳፋሪው ይህንን ስለሚያውቅ መቀየር ምንም የማያስወጣ ነገር ይመስለዋል። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በካሴቱ ዘመንም ቢሆን የታገሥነው ወደን አይመስለኝም፣ አማራጭ ስላልነበረን ነው። ግን ክርክሩን አልገፋሁበትም፣ ተራው ደረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከዚያ ረቡዕ ብዙም ሳይቆይ፣ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ከጀሞ ገባች። የቀረው ቦታ የመጨረሻው ወንበር ነበር። ገና ስትቀመጥ «የኔ ጌታ፣ ልጁ አሁን መተኛቱ ነው፣ ክትባት ልወስደው ነው። እባክህ አጥፋልኝ» አለችው። ቀንሰው አላለችም፣ ቀይረው አላለችም። ጋሼ አጠፋው። ተሳፋሪው ሁሉ ሕፃኑን አይቶ ዝም አለ። ስልክ የሚያወሩት እንኳ ድምፃቸውን ቀነሱ። መኪናው ውስጥ የሚሰማው መኪናው ብቻ ሆነ።

ጥቂት እንደሄድን ጋሼ ራሱን ዘንበል አደረገ። «ይሰማሃል?» አለኝ።

ምንም አልሰማሁም። እኔ ሞተር ላይ ነኝ፣ አልኳችሁ እኮ።

«ከኋላ ነው። ው… ው… ው… የሚል።»

ከዚያ ያደረገውን ነገር አንድ በአንድ አየሁት። መጀመሪያ እግሩን ከነዳጅ ላይ አነሳ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ያኛው ድምፅ ግን አልወረደም። ቀጥሎ ሜዳ ላይ ለአፍታ ማርሹን አወጣ። አሁንም አለ። «ሞተርም ካምቢዮም አይደለም» አለ። ፍጥነት ሲቀንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲጨምር ይቀጥናል። ከጎማ ጋር ነው የሚዞረው ማለት ነው።

ጀርመን አደባባይ ደረስን። አደባባዩን ስንዞር መኪናው ወደ ግራ እየታጠፈ ነው። ያኔ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይወድቃል። ድምፁ ጎላ አለ፣ አሁን እኔም ሰማሁት። ከአደባባዩ ስንወጣ ወደ ቀኝ ታጠፍን፣ ክብደቱ ወደ ግራ ሄደ፣ ድምፁ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ጋሼ ረዳቱን በመስታወት አየውና «የቀኝ ኋላ ኩሽኔት» አለ። ረዳቱ እናትየዋን «ከሥርሽ ይንቀጠቀጣል?» ብሎ ጠየቃት። «እኔማ ሙዚቃው ነው ብዬ ነበር» አለች።

ሜክሲኮ ሰው አውርዶ ወረደ። መዳፉን ወደ ቀኙ ጎማ መሃል አስጠጋ፣ ሳይነካ። ከዚያ ግራውን እንዲሁ አደረገ። የቀኙ ሙቀት ከሩቅ ያስታውቃል። የዚያን ቀን ሥራ እዚያው ላይ አቆመ። ተራ አስከባሪው «ምነው?» ሲለው እጁን ብቻ አወዛወዘ። ቀስ እያለ ባዶ መኪና ይዞ ወደ ጀሞ ተመለሰ።

እሁድ ጋራዥ አብሬው ሄድኩ። ሥራ አልነበረኝም፣ ነገሩም አጓጉቶኛል። ጋራዡ ውስጥ ትልቅ ስፒከር ተሰቅሎ ይጮሃል፤ መካኒኩ ወጣት ነው። መኪናውን ከኋላ በክሪክ አነሱ። የፊት ጎማዎቹ ላይ ድንጋይ አስደገፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። መካኒኩ ጎማውን በእጁ ሊያሽከረክረው ሲል ጋሼ አስቆመው።

«አንተ ልጅ፣ እስኪ ሙዚቃውን ዝጋልኝ።»

«ጋሼ፣ ቆንጆ ቦታ ላይ ነው እኮ። ይሄ ይለቅ።»

ጋሼ ቆሞ ጠበቀ። እውነት ለመናገር ዘፈኑ ረጅም ነበር። ሲያልቅ ልጁ ሄዶ ዘጋው። ከዚያ ጋሼ አንድ እጁን ባሌስትራው ላይ አድርጎ በሌላ እጁ ጎማውን አዞረ። «ና፣ አንተም ያዝ» አለኝ። ብረቱን ያዝኩ። ጎማው ሲዞር አሸዋ እንደሚፈጭ ያለ ነገር ወደ መዳፌ ገባ። የግራውን ሲያዞር ምንም የለም።

ተፈታ። ግራሱ ጠቁሯል፣ ተቃጥሏል። ኩሽኔቱ ውስጥ ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ በጥቃቅን ጉድጓድ ተበልቷል። ከጎኑ ያለው የዘይት ማኅተምም ደክሞ ከዲፈረንሻሉ ዘይት ማሳለፍ ጀምሯል። ዘይቱ ፍሬን ሸራው ጋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ሸራው በዘይት ቢርስ ኖሮ ያ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። በሰው የተሞላ ታክሲ ነው።

መካኒኩ ጉድጓዶቹን በጥፍሩ እየነካ «ይሄ የቆየ ነው ጋሼ። አንድ ወር ሳይጮህ አይቀርም» አለ። ጋሼ አልመለሰለትም። እኔ የማስበው ግን ቤዙ ሳጥን ያለበትን ቦታ ነበር። ከመጨረሻው ወንበር ሥር፣ ልክ ከጎማዎቹ አጠገብ። ያ ሁሉ «ይሄን ጩኸት ቀይርልን» ሲመጣ የከረመው ከዚያው ወንበር ነው። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ስለ ቤዙ፣ ስንቱ ስለ ኩሽኔቱ እንደነበር አሁን መለየት አይቻልም። ድምፁን ወደ ፊት ሲያመጣላቸው ግማሹ ጩኸት ቀርቶ ነበር፣ ሌላው ግማሽ ግን እዚያው ነበር።

ኩሽኔቱና የዘይት ማኅተሙ ተቀየሩ። የግራውም ማኅተም አብሮ ተቀየረ፤ አንዴ ከተፈታ ደግሞ ለመፍታት መክፈል ኪሳራ ነው። የቤዙን ሳጥን ግን አላወጣውም። ረዳቱ አስወጣው ብሎ ነበር። ጋሼ «ማታ ማታ ሰው ይወደዋል» አለው።

ሰኞ ጠዋት ጋቢና ገባሁ። ከጀሞ እስከ ጀርመን አደባባይ ሙዚቃ የለም። አሁን ሁሌም እንደዚህ ነው፣ የቀኑ የመጀመሪያ ጉዞ ላይ እስከ አደባባዩ ድረስ ቴፑ አይከፈትም፣ አደባባዩን ዞሮ ሲወጣ ይከፍታል። ታዲያ ሰኞ ዕለት ከኋላ አንዱ ልጅ «ሹፌር፣ ምነው ዛሬ ሙዚቃ የለም?» አለ።

ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ «ጎማ እያዳመጠ ነው» አለው።

ልጁ ትንሽ አሰበና «ጎማ ከሆነ እኛ ጋ በደንብ ይሰማል፣ እዚህ መጥቶ ይስማ» አለ።